ሐብል አንገት ላይ ሲውል፦ ዐረብኛ ስንማር አማርኛችን የሚያሳስተን የት ነው?

  

ባለፈው ሴሚስተር ከመግሪብ በኋላ በምንቀመጥበት ደርስ አጫጭር ሱራዎችን ቃል በቃል እየተረጎምን ነበር። ሱረቱል መሰድ ላይ ስንደርስ ተራው የኔ ሆነ። ስለ አቡ ለሀብ ሚስት በሚናገረው የመጨረሻ አንቀጽ ውስጥ «አንገት» የሚለውን ቃል አወቅኩት፤ ከጎኑ «ሐብል» አለ። ምንም ሳልጠራጠር «በአንገቷ ላይ ሀብል አለ» አልኩ።

ኡስታዙ ረጋ ብለው «ከምን የተሠራ ሀብል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀጥሎ ያለውን «መሰድ» የሚል ቃል አላውቀውም ነበር። «ምናልባት ከወርቅ ይሆናል፣ ኡስታዝ» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ለቅጣት የተነገረውን ጌጥ አደረግከው» አሉኝ።

በዐረብኛ ሐብል ማለት ገመድ ነው። መሰድ ደግሞ ጥብቅ ሆኖ የተገመደ ቃጫ፣ በተለይ የተምር ዛፍ ቃጫ ነው። እኔ ይህችን ሱራ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ይዤ ስቀራት ኖሬያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያሳሰበኝ አለማወቄ ሳይሆን አለማወቄን አለማወቄ ነው። መሰድን አላውቀውም ነበርና ቢያንስ ልጠይቅበት እችል ነበር። ሐብልን ግን «አውቀዋለሁ» ብዬ ስለማስብ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩም አልተቃወመኝም፤ ሀብል የሚውለው አንገት ላይ ነውና።

በሁለት ዘመድ ቋንቋዎች መካከል በድምፅ የሚመሳሰሉ ነገር ግን በትርጉም የሚለያዩ ቃላትን የቋንቋ ሰዎች «ሐሰተኛ ወዳጆች» ይሏቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ዐረብኛ የሚማር ሰው በመንገዱ ብዙ እውነተኛ ወዳጆች ያገኛል፦ ቤት፣ ዓይን፣ ፈረስ፣ ነፍስ፣ ሰማ፣ ሰከረ። ሐሰተኞቹ የሚያታልሉትም በነዚህ መካከል ተቀላቅለው ስለሚመጡ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ዓይነቶቻቸውን እናያለን፤ ከዚያም እንዴት እንደምንለያቸው።

፩. ቦታ የተለዋወጡት፦ ሐኪም እና ጠቢብ

በአማርኛ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ብልህና አስተዋይ የሆነውን ደግሞ ጠቢብ እንለዋለን። በዐረብኛ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። «ጠቢብ» በሽተኛ የሚያክመው ነው፤ «ሐኪም» ደግሞ ጥበብ ያለው። ሁለቱ ቃላት በሁለቱ ቋንቋዎች ቦታ የተለዋወጡ ይመስላሉ።

ይህ እንዴት ሆነ? ቃላት ወደ አማርኛ የገቡበት መንገድ ሁለት ስለሆነ ነው። አማርኛ፣ ግዕዝና ዐረብኛ የአንድ የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጠ-በ-በ የሚለው ሥር ከዚህ የጋራ ውርስ የመጣ ነው። በኛ በኩል ጥበብና ብልሃት ሆኖ ቀረ። በዐረብኛ በኩል ደግሞ ወደ አንድ የተወሰነ ዕውቀት፣ ወደ ሕክምና ጠበበ፤ ሕክምናን «ጢብ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። ሐኪም ግን በውርስ ሳይሆን በብድር የመጣ ቃል ነው። በዐረቡ ዓለም የጥንት ሐኪሞች ፈላስፎችም ስለነበሩ «ሐኪም» የሚለው መጠሪያ ለሕክምና ባለሙያም ይውል ነበር። በአንዳንድ የዐረብኛ ቀበልኛዎች ዛሬም ይውላል። አማርኛ የተዋሰው ይህንን ጠባብ ትርጉም ብቻ ነው፤ ሰፊው «ጥበበኛ» የሚለው እዚያው ቀረ።

ተማሪን የሚጎዳው ይህ መቅረት ነው። በቁርኣን ውስጥ «አል-ሐኪም» ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። ሱረቱ ያሲን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቁርኣን ራሱ በዚሁ ቃል ተገልጿል። የአማርኛውን ትርጉም ይዞ የሚያነብ ልጅ «የሚያክም» ብሎ ያልፋል፤ ቁርኣን ለልብ ፈውስ መሆኑን ሰምቷልና ስህተቱ ጥሩ ትርጉም ይመስለዋል። ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ጥበብ፣ ነገርን በትክክለኛ ቦታው ስለ ማስቀመጥ ነው። ሐብል ላይ እንዳየነው ሁሉ እዚህም ዓረፍተ ነገሩ ስህተቱን አያጋልጥም።

፪. ግማሽ ወዳጆች፦ ፈተና እና ፊትነህ

ሐብል ሙሉ በሙሉ ከተለያዩት ወገን ነው። ይበልጥ የሚያስቸግሩት ግን በከፊል የሚገጥሙት ናቸው። ለእኛ ለካምፓስ ሰዎች ከ«ፈተና» የቀረበ ምሳሌ የለም።

የፈተናና የፊትነህ ሥር አንድ ነው፦ ፈ-ተ-ነ። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት፣ ኢብኑ መንዙር በ«ሊሳኑል ዐረብ» ጭምር፣ የሥሩን መነሻ ሲያስረዱ ወርቅና ብርን በእሳት አቅልጦ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ነው ይላሉ። ከዚህ ሥር ሁለት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንዱ መመርመር፣ ማንነትን መለየት ነው። ሌላው እሳቱ ራሱ፣ ማለትም መከራና ሥቃይ ነው። አማርኛ የያዘው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ የሚድተርሙም የመንጃ ፈቃዱም ፈተና ይባላል። ዐረብኛው ሁለቱንም ይዞ ሌላም ጨምሯል፦ ሁከትን፣ በሕዝብ መካከል የሚነሣ መከፋፈልን፣ ሰውን ከእምነቱ ለማስወጣት ማሠቃየትን።

በዘመኑ ዐረብኛ ለትምህርት ፈተና «ፊትነህ» አይባልም። ቃሉ «ኢምቲሓን» ወይም «ኢኽቲባር» ነው። ለዐረብ መምህር «ነገ ፊትነህ አለብኝ» ብትሉት ጠብ ሊነሣ ነው ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ይህ በሳቅ የሚያልፍ ስህተት ነው። በማያስቅ ቦታ ግን ተመሳሳዩ ስህተት ይመጣል።

በፈተና ሳምንት ግቢ ውስጥ የምንሰማት ቀልድ አለች፦ በሱረቱል በቀራህ ፊትነህ ከግድያ የከፋ መሆኑ የተነገረበትን አንቀጽ ጠቅሶ «አያችሁ፣ ፈተና ከመግደል ይከፋል» ማለት። ተናጋሪው መቀለዱ ነው፤ ሰሚው ግን ሁልጊዜ ቀልድ መሆኑን አያውቅም። እዚያ ቦታ ላይ ሙፈሲሮች ፊትነህን የሚያብራሩት በሺርክና ሙስሊሞችን ከዲናቸው ለማስወጣት በሚደረግ ማሠቃየት ነው። አንቀጹም የወረደው ስለ ውጊያ በሚናገር ክፍል ውስጥ ነው። «ፈተና» ብለን ስናነበው መልእክቱ እንዳለ ይጠፋል።

አሁን ቃሉን በሌሎች ቦታዎች እንከተለው። በሱረቱ አት-ተጋቡን ገንዘብና ልጆች ፊትነህ መሆናቸው ተነግሯል፤ እዚህ የአማርኛው ፈተና ይገጥማል። በሱረቱል አንቢያእ ሰዎች በክፉም በደግም እንደሚፈተኑ ሲነገርም ይገጥማል። በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ግን ሰዎች በእሳት ላይ ስለሚሆኑበት ቀን የዚሁ ሥር ግሥ መጥቷል፤ እዚያ ትርጉሙ በእሳት መቀጣት ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቦታ ይገጥማል፣ በአዝ-ዛሪያትና በአል-በቀራህ ይሰበራል። አንድ ቦታ ገጥሞ ያገኘ ሰው ሁሉም ቦታ የሚገጥም ስለሚመስለው ግማሽ ወዳጅ ከሙሉ ሐሰተኛው ይብሳል።

፫. ፊደል የሚያጋልጣቸውና የማያጋልጣቸው

ሦስተኛው ዓይነት ስህተት የሚመጣው የዐረብኛን ድምፆች በአማርኛ ጆሮ ስለምንሰማ ነው። አማርኛ በንግግር ሀን፣ ሐንና ኀን አይለይም፤ አንና ዐንም እንዲሁ። ዐረብኛ ግን ይለያል።

«በቅሎ» የሚለውን እንውሰድ። ዐረብኛው «በግል» ነው፤ መካከለኛው ፊደል ገይን ነው። በዐረብኛ ባእ-ቃፍ-ላም ሆኖ የሚጻፈው «በቅል» ግን ሌላ ቃል ነው፤ ትርጉሙ አትክልት፣ የበቀለ ቅጠላ ቅጠል። የዚህኛው የአማርኛ ዘመድ «በቀለ» እና «ብቅል» ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ዘመዶች ያሏችሁ «በቃለህ» የሚለውን የሱቅ ስም ሰምታችሁ ይሆናል፤ የምግብ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ከበቅሎ ጋር ግንኙነት የለውም። እዚህ ቃሉን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ብቻ ስህተቱን ያጋልጣል።

በተመሳሳይ «ላም» እና «ለሕም» (ሥጋ) ዘመድ ይመስላሉ። የግዕዙ ቃል ግን «ላህም» ነው፤ የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው። ዐረብኛው ለሕም በሓእ፣ ማለትም በሐመሩ ሐ ነው። ፊደሉ ስላልገጠመ «ሥጋ ከላም ስለሚገኝ ነው» የሚለውን ጥሩ ታሪክ ብንወደውም ማስረጃ የለንም።

ግን ፊደል ብቻውን ዳኛ አይሆንም። «ዐብድ» በዐረብኛ ባሪያ፣ አገልጋይ ነው፤ ዐብዱላህ የአላህ ባሪያ። በግዕዝ ደግሞ «ዐብድ» ሞኝ፣ እብድ ማለት ነው፤ የአማርኛው «እብድ» የመጣው ከዚህ ነው። ዐይኑ፣ ባኡ፣ ዳሉ አንድ በአንድ ይገጥማሉ፤ ትርጉሙ ግን አይገጥምም። ስለዚህ ፊደሉ ካልገጠመ ዝምድናውን እንጠርጥር፤ ፊደሉ ከገጠመ ደግሞ ትርጉሙን ገና እንመርምር።

፬. የምንለይበት መንገድ

እኔ አሁን የምጠቀምበት አሠራር አራት እርምጃ አለው። በሐብል ላይ አንድ በአንድ እንሥራው።

መጀመሪያ፣ በጣም የቀለለውን ቃል እናስምርበት። ስናጠና አብዛኛውን ጊዜ የምናሰምረው የማናውቀውን ቃል ነው። ሐሰተኛ ወዳጅ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በሌላ ቀለም፣ አማርኛ ስለሆነ ብቻ የተረዳነውን ቃል ሁሉ እናስምር። በሱረቱል መሰድ ውስጥ እኔ ማስመር የነበረብኝ መሰድን ብቻ ሳይሆን ሐብልንም ነበር።

ሁለተኛ፣ ቃሉን በዐረብኛ ፊደል ጽፈን ሥሩን እናውጣና በሥር የተደረደረ መዝገበ ቃላት እንክፈት። ሐብል፦ ሓእ-ባእ-ላም። የሃንስ ቬር መዝገበ ቃላት የተደረደረው በሥር ነው፤ ስለዚህ ኢምቲሓንን በአሊፍ ሳይሆን በሚም-ሓእ-ኑን ሥር ነው የምናገኘው። በሓእ-ባእ-ላም ሥር ሐብል ገመድ መሆኑን እናገኛለን። በግዕዝም ሐብል ገመድ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ አንገት ጌጥ የሄደው የኛው አማርኛ መሆኑን እንረዳለን።

ሦስተኛ፣ የአማርኛውን ትርጉም ቃሉ ባለበት ሌላ ቦታ ሁሉ እንተካው። ለዚህ የሚጠቅመው የሙሐመድ ፉአድ ዐብዱልባቂ «አል-ሙዕጀሙል ሙፈህረስ» ነው፤ እያንዳንዱ የቁርኣን ቃል የት የት እንዳለ በሥር ይዘረዝራል። ሐብልን ብንከተል በሱረቱ ጣሃ የፊርዐውን ድግምተኞች ከበትሮቻቸው ጋር የጣሉት የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ድግምተኞቹ ሀብል ጣሉ? አይሆንም፤ ገመዶች ናቸው። በአሊ ዒምራን አማኞች ሁሉም እንዲይዙት የታዘዙት የአላህ ሐብል ነው፤ የሚይዙት ገመድ እንጂ የሚያጌጡበት ነገር አይደለም። በሱረቱ ቃፍ ደግሞ የአንገት ደም ሥር በዚሁ ቃል ተጠርቷል፤ ደም ሥር እንደ ገመድ ይዘረጋል። ገመድ በሦስቱም ቦታ ይሠራል፤ ሀብል በአንዱም አይሠራም። ልክ በላብ ውስጥ በአንድ ንባብ ብቻ መሣሪያ ትክክል ነው እንደማንል ሁሉ፣ በአንድ አንቀጽ ብቻ ትርጉም ትክክል ነው አንበል። በሱረቱል መሰድ ብቻ ብንቀር ስህተቱ አይታይም ነበር።

አራተኛ፣ በተቃራኒው እንጠይቅ፦ የአማርኛው ትርጉም በዐረብኛ ምን ይባላል? የአንገት ጌጥ በዐረብኛ «ቂላደህ» ነው። በተፍሲር ኪታቦች ይህች ሴት ውድ የአንገት ጌጥ እንደነበራት የሚገልጽ ዘገባ አለ፤ በዘገባው ውስጥ ጌጡ የተጠራው ቂላደህ ተብሎ ነው። አንቀጹ ግን ሐብል ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የቅጣቱ ምጸት ይገባናል፤ ጌጥ በነበረበት አንገት ላይ የቃጫ ገመድ። እኔ «ሀብል» ብዬ ስተረጉም ያጠፋሁት ይህንን ነበር።

አሠራሩ ወሰን አለው። መዝገበ ቃላት አንድ ቃል ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል እንጂ በዚህ አንቀጽ ውስጥ የትኛው እንደታሰበ አይወስንም። እንደ ፊትነህ ያለ ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ሲያጋጥመን አራቱ እርምጃዎች «እዚህ ቦታ ቁም» ይሉናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተፍሲር ሥራ ነው፤ ወደ ኪታቡና ወደ ኡስታዙ እንመለሳለን። ሌላው ወሰን፣ ሁሉንም ቃል መጠራጠር አያስፈልግም። ቤትን፣ ዓይንን፣ ሰማን በየገጹ ብንመረምር ንባቡ አይራመድም። አንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ተተክቶ የሠራውን ቃል ምልክት አድርገን እንለፈው።

ለመለማመጃ

ደብተራችሁ ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ፦ የዐረብኛው ቃል፣ በአማርኛ የሚመስለን፣ በዐረብኛ የሆነው። መልሱን ሳታዩ በእነዚህ አራት ቃላት ጀምሩ፦ ዳሪስ፣ መዲነህ፣ አምላክ፣ ኪታብ።

ዳሪስ «ደራሲ» ይመስላል፤ ነገር ግን የሚማር፣ የሚያጠና ሰው ነው። ደራሲ በዐረብኛ «ሙአሊፍ» ነው። በመድረሳ «ደረሳ» የምንለው ተማሪ ለዐረብኛው ይቀርባል።

መዲነህ በአማርኛ «መዲና» ስንል እንደ ዋና ከተማ ይመስላል፤ በዐረብኛ ማንኛውም ከተማ ነው። ዋና ከተማ «ዓሲመህ» ይባላል። ስለዚህ በንባብ ውስጥ መዲነህ ሲመጣ የመንግሥት መቀመጫ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

አምላክ በአማርኛ የሚመለክ ነው። በዐረብኛ «አምላክ» የ«ሚልክ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ንብረቶች፣ ይዞታዎች ማለት። አራተኛውን እርምጃ ተጠቀሙ፦ የሚመለክ በዐረብኛ «ኢላህ» ነው።

ኪታብ መጽሐፍ ነው፤ የአማርኛው «ክታብ» ግን አንገት ላይ የሚታሰር የተጻፈ ነገር ነው። ያ በዐረብኛ «ተሚመህ» ወይም «ሒርዝ» ይባላል። ሁለቱም ከመጻፍ የመጡ ናቸው፤ በሸሪዓ ያላቸው ብይን ግን አንድ አይደለምና ስትናገሩ አናባቢዋን ጠብቁ።

በሚቀጥለው ደርስ ጁዝእ ዐማን ስንጀምር እያንዳንዳችሁ በሁለተኛው ቀለም ያሰመራችሁትን አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ። እኔ ያሰመርኩትን አመጣለሁ፤ አብረን እንተካዋለን።

ትክክል የሆነው ከአላህ ነው፤ የተሳሳትኩት ከራሴ ነውና አርሙኝ። ወላሁ አዕለም።